አንድ ጋቢ፣ አራት ዓይነት መግለጫ፦ የትኛውን ልምረጥ?

ቴሌግራም ላይ የባህል ልብስ የሚሸጡ ቻናሎችን ከፍታችሁ ትንሽ ብታዩ፣ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አንደኛው የዕቃ ቆጠራ ነው የሚመስለው። ስም፣ ቀለም፣ ስልክ ቁጥር፣ በቃ። ሁለተኛው ጩኸት ነው። «እጅግ በጣም ምርጥ»፣ «ኦሪጅናል»፣ «በዓይነቱ ልዩ»፤ ከኋላው ደግሞ የእሳት ምስል ይደረደራል። የመጀመሪያው አይዋሽም፤ ግን ማንንም አያጓጓም። ሁለተኛውን ሰው አንብቦት ሳይሆን ዘሎት ነው የሚያልፈው።

ሱቆች የምርት መግለጫ እንድጽፍላቸው ሲጠሩኝ «ሞቅ አድርገህ ጻፍልን» ይሉኛል። ጽሑፍን ሞቅ ማድረጊያው መንገድ ግን አንድ አይደለም። እኔ የማውቃቸው አራት ናቸው። ዋጋቸውም አደጋቸውም ይለያያል። አንድ ጋቢ ይዘን አራቱንም እንሞክራቸው።

ጋቢው የሚሸጠው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ካሉት የባህል ዕቃ ሱቆች በአንዱ ነው። ባለሱቋ ድሮ የምትሸጠው በር ላይ ለሚያልፍ ሰው ነበር። ከ2016ቱ የኮሪደር ልማት ወዲህ ፒያሳና ዙሪያዋ ብዙ ስለተለዋወጠ፣ አሁን ከደንበኞቿ ብዙዎቹን የምታገኘው በስልክ ነው። ቻናሏ ላይ የነበረው ጽሑፍ ይሄ ነው፦

«ጋቢ። ነጭ። ባለ ጥለት። ንጹህ ጥጥ። የእጅ ፈትል። ዴሊቨሪ አለን። ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ከመጻፍ በፊት፦ ዕቃው ምንድን ነው?

ይሄን ክፍል ዘሎ ወደ አጻጻፉ የሚሮጥ ሰው ሳይፈልግም ይዋሻል። ምክንያቱም ባለሱቅ የነገረህ ነገር፣ አከፋፋይ ለባለሱቋ የነገራት ነው። አከፋፋዩ የሰማው ደግሞ ከሌላ ነው።

ባለሱቋ «ሁሉም የእጅ ፈትል ነው» አለችኝ። ጋቢውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነውና ከዘርፉ አንድ ክር መዘዝን። ያ ክር ድሩ ነው፤ በቁመቱ የሚሄደው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ እኩል ነው፣ ሲጎትቱትም ጠንካራ ነው። ይሄ የፋብሪካ ክር ነው። ከዚያ በጎን የሚሄደውን፣ ማጉን ትንሽ ሳብ አደረግን። እሱ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፤ ትንሽ ሲጎተትም ይበጠሳል። በእንዝርት የተፈተለው እሱ ነው። ነገሩ ማጭበርበር አይደለም። ድር ሸማኔው እስኪጨርስ ድረስ ተወጥሮ ስለሚቆይ ጠንካራ ክር ይፈልጋል። ስለዚህ ድሩን የፋብሪካ፣ ማጉን የእጅ ፈትል ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። «የእጅ ፈትል» የሚለው ቃል ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

«ንጹህ ጥጥ» የሚለውንም ፈተንነው። ከማጉ፣ ከድሩና ከጥለቱ አንድ አንድ ክር ወስደን፣ በጉጠት ይዘን እጅ መታጠቢያው ላይ ለኮስነው። ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ማጉና ድሩ እንደዚያ ሆኑ። የጥለቱ የሚያብረቀርቀው ክር ግን ቀለጠ፤ ጫፉም ላይ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ቀረ። ሰው ሠራሽ ነው ማለት ነው። ይሄ ፈተና ወሰን አለው። ከእንጨት የሚሠራው ሬዮንም እንደ ጥጥ ነው የሚነደው። ስለዚህ የነደደው ሁሉ ጥጥ ነው ብሎ መማል አይቻልም። የቀለጠው ግን ጥጥ እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። ለቀሪው አከፋፋዩ ጋ ደወልን፤ አካሉ ጥጥ መሆኑን አረጋገጠ።

ከዚያ ለካን፣ መዘንን። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል፣ አራት ድርብ። መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ስፌት አለ። ባለሱቋ ፎቶ ስታነሳ ሁልጊዜ ስፌቱን እጥፋቱ ውስጥ ነበር የምትደብቀው። ወደ ስፌቱ እንመለስበታለን።

አንደኛው መንገድ፦ ቅጽል መጨመር

«እጅግ ውብ፣ ምርጥና ኦሪጅናል ጋቢ! 100% በእጅ የተፈተለ! በጣም ለስላሳ፣ ከብርድና ከጉንፋን የሚከላከል፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል! ሳያልቅ ይፍጠኑ!»

ይሄ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የሚመረጠውም ለዚያ ነው። እስቲ ቃል በቃል እንየው። «100% በእጅ የተፈተለ» ውሸት ነው፤ ድሩን አይተናል። «ከጉንፋን የሚከላከል» የጤና አባባል ነው፤ ጋቢ ሻጭ ሊያረጋግጠው አይችልም። «ዕድሜ ልክ» ማንም የማይጠብቀው ቃል ኪዳን ነው። «በጣም ለስላሳ» ደግሞ ለዚህ ጋቢ አይሆንም፤ አዲሱ ሲነካ ትንሽ ይሻክራል። «ኦሪጅናል» ምንም አይልም። የጋቢ ፎርጅድ ምን ሊሆን ነው?

«ሳያልቅ ይፍጠኑ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ምንም የለውም ብሎ ስለሚጽፈው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ብቸኛው»፣ «ምርጡ»፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ»፣ «ሳያልቅ» የሚሉ ዓይነት አባባሎችንም ያለ ማስረጃ መጠቀምን ከዚያው ጋር ይቆጥረዋል። ሱቁ ውስጥ ሦስት ጋቢ ብቻ ከቀረ «ሦስት ቀርቷል» ማለት ይቻላል፤ እውነት ነው። ሦስቱ ሲሸጡ ግን ያ መልእክት መነሳት ወይም መስተካከል አለበት። ከስድስት ወር በፊት «ሦስት ብቻ ቀረ» የሚል፣ እስካሁን የተሰካ መልእክት ያለበት ቻናል ሞልቷል።

ይሄን መንገድ መቼ ልምረጥ ብትሉኝ፣ መልሴ በጭራሽ ነው። አንድ ቅጽል መጠቀም ካስፈለገ፣ ሻጩ ሲጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳው የሚችለውን ብቻ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ዕቃውን መናገር

«ይህ ጋቢ አራት ድርብ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ሲለብሱት ትከሻዎ ላይ ይታወቅዎታል። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው። ጨርቁ ላይ እዚህም እዚያም ወፈር ብሎ የሚያዩት ክር የፈታይዋ እጅ ነው። መሀሉ ላይ ያለው ስፌት ሁለት ጨርቅ የተጋጠመበት ነው፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበለው እስከዚያ ስፋት ድረስ ነው።»

እዚህ ውስጥ «ውብ» የሚል ቃል የለም። ሆኖም አንባቢው ጋቢውን በእጁ የነካው ያህል ይሰማዋል። ሞቅታው የመጣው ከዝርዝሩ ነው። ያ ሲደበቅ የነበረው ስፌት እንኳ አሁን የሚያኮራ ሆኗል። መወርወሪያው በእጅ የሚቀባበልበት መሸመኛ የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት በላይ ሰፊ ጨርቅ አያወጣም። የዚህ ጋቢ አንዱ ጨርቅ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው 1 ሜትር ከ60 የሆነው። ስፌቱ ጉድለት ሳይሆን ጋቢው በእጅ መሸመኑን የሚያሳይ ነው። ዝም ካልን ግን ገዢዋ እቤቷ ከፍታ ስታየው «የተቀደደ ጠግነው ሸጡልኝ» ትላለች።

የዚህ መንገድ ዋጋው ድካሙ ነው። ክር መምዘዝ፣ መመዘን፣ አከፋፋይ ጋ መደወል አለ። ሌላም ችግር አለው፤ መጠኑን ካላወቁ ይደርቃል። የክሩን ቁጥር፣ የጥለቱን ሴንቲ ሜትር፣ የስፌቱን ዓይነት ሁሉ ከደረደራችሁት ተመልሶ የዕቃ ቆጠራ ይሆናል። እኔ የምይዘው ልክ ይሄ ነው፦ አንድ ዝርዝር ከገባ፣ ከጎኑ «ታዲያ ለእኔ ምን?» የሚለውን የሚመልስ ሐረግ ይኑረው። «አንድ ኪሎ ተኩል» ብቻውን ቁጥር ነው። «ትከሻዎ ላይ ይታወቅዎታል» ሲከተለው ነው ለገዢው ትርጉም የሚሰጠው።

ሦስተኛው መንገድ፦ የገዢውን ቤት ማሳየት

«ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራትም ሄዷል። እግርዎን ሶፋ ላይ ሰብስበው ይህን ጋቢ ይደርቡታል። ጀበናው እስኪፈላ ቸኩለው የሚነሱበት ጉዳይ የለም።»

ይሄኛው ከሁሉም ፈጥኖ ልብ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያንን ማታ ያውቀዋል። ትዕይንት መሣል ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ሁሉም ሰው ምናብ መሆኑን ያውቃል። ውሸቱ ሊሾልክ የሚችለው በጎን ነው። «ከዚህ በኋላ ብርድ የሚባል አይነካዎትም» ካልን ከትዕይንት ወጥተን ማረጋገጫ ሰጠን። «ከብርድ ልብስ ይበልጣል» ካልን አወዳደርን፤ ማነጻጸሪያው የት አለ? ትዕይንቱ ውስጥ ያለው ሰው ጋቢውን መልበስ፣ መደረብ፣ ለእናቱ መስጠት ይችላል። ጋቢው ራሱ ግን ከሚችለው በላይ መሥራት የለበትም።

ጉድለቱ ሌላ ነው። ይሄንን አንቀጽ ቆርጣችሁ ከማንኛውም ጋቢ ሥር ብትለጥፉት ይሄዳል። ፋብሪካ ለሠራው ብርድ ልብስ እንኳ ይሄዳል። ገዢው ይወደዋል፤ ከዚያ ወጥቶ ከጎረቤት ሱቅ ረከስ ያለውን ይገዛል። ዕቃችሁ ከሌላው የሚለይበት ነገር ካለው ትዕይንት ብቻውን አይበቃም። ዕቃው የትም የሚገኝ ተራ ነገር ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ፎጣ ወይም ትራስ ልብስ፣ ይሄ መንገድ ከሁለተኛው ይሻላል። ስለ ትራስ ልብስ ብዙ የሚወራ ዝርዝር የለም።

አራተኛው መንገድ፦ የሠሪው ታሪክ

ባለሱቋ በጣም የፈለገችው ይሄን ነበር። «ሽሮ ሜዳ፣ ከአባቱ የተማረ የዶርዜ ሸማኔ ነው የሠራው በልልኝ» አለች። ያምራል። የዶርዜ ሰዎች በሽመና የታወቁ ናቸው፤ ሽሮ ሜዳም የባህል ልብስ ገበያ ነው። ስለዚህ ማንም የሚጠራጠር አይኖርም። ግን እሷ ሸማኔውን አይታው አታውቅም። የገዛችው ሽሮ ሜዳ ካለ አከፋፋይ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጥ ጋቢ ደግሞ የግድ እዚያው አልተሸመነም፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣም አለ።

ማለት የምትችለው «ከሽሮ ሜዳ ገበያ መርጠን ያመጣነው» ብቻ ነው። «መርጠን» የሚለውም እውነት መሆን አለበት። እሷ በእርግጥ ትመርጣለች፤ ጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆኑን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽታ ትፈትናለች፣ የለቀቀውን ትመልሳለች። ለእኔ ከማይታወቀው ሸማኔ ታሪክ ይልቅ ይሄ ይበልጣል። የሠሪው ታሪክ ሲጠፋ የመራጩ ታሪክ አለ።

ሸማኔውን የምታውቁት ከሆነ፣ ስሙንና ሥራውን ለመጻፍ ከፈቀደ፣ አራተኛው ከሁሉም ይልቃል። ያለዚያ ቢቀር ይሻላል። ሰው ሲጠይቃችሁ መልስ የሌላችሁ ታሪክ፣ ስልክ ላይ አንድ ጥያቄ ሲመጣ ይፈርሳል።

ታዲያ የቱን?

እንደ ጋቢ በእጅ ለተሠራና ዋጋው ከበድ ላለ ዕቃ፣ ሁለተኛውን መሠረት አድርጌ ከሦስተኛው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ትዕይንቱ ከፊት ሲሆን ያስቆማል፤ ዝርዝሩ ሲከተል ያሳምናል። ገልብጣችሁ ዝርዝሩን ከፊት ካደረጋችሁ ግን ሰው ትዕይንቱ ጋ ሳይደርስ ይወጣል። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር መጀመሪያ የሚነበቡት ጥቂት ቃላት ናቸው። ሱቅ ውስጥ ጋቢው ላይ ለሚንጠለጠል ካርድ ደግሞ ትዕይንቱን እተወዋለሁ፤ ገዢዋ ጋቢውን በእጇ ይዛዋለች፣ የምትፈልገው ስለ ስፌቱና ስለ አስተጣጠቡ ማወቅ ነው።

አንድ የሚረሳ ምርጫ አለ፤ አንባቢውን ማን ብለን እንጥራው? «አንቺ» ይቀርባል፣ ግን ለአባቱ ጋቢ የሚገዛውን ልጅ ከበር ይመልሰዋል። «አንተ» እንደዚያው በሌላ በኩል። «እርስዎ» ጾታ አይለይም፣ ትልቅ ሰውንም አያስቀይምም፤ ጽሑፉ ከረዘመ ግን ትንሽ የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። «እናንተ» ሁሉንም ይይዛል፣ ዘና ያለም ነው። ለወጣቶች ቲሸርት «እናንተ» እላለሁ። ጋቢ ላይ «እርስዎ»ን መረጥኩ፤ የሚለብሱት አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዋናው ነገር አንዱን ይዞ መጨረስ ነው። «ይደርቡታል» ብሎ ጀምሮ «ደውሉልን» ብሎ የሚጨርስ ጽሑፍ ሁለት ሰው የጻፈው ይመስላል።

እውነት ሆኖ የሚያሳስት

ከግልጽ ውሸት ይልቅ የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። «በእጅ የተፈተለ ጥጥ ያለበት» ብንል ሐሰት የለውም፤ ማጉ በእጅ የተፈተለ ነው። አንባቢው የሚረዳው ግን ሁሉም እንደዚያ መሆኑን ነው። ስለዚህ ድሩ የፋብሪካ መሆኑን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ከታች በትንንሽ ፊደል አይደለም። «በእጅ የተሸመነ» የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ ሁለቱን ቃል አለመቀላቀል ነው። ፎቶውም ይናገራል። ጽሑፉ «ነጭ» እያለ ፎቶው በፊልተር በረዶ የመሰለ ከሆነ፣ ትንሽ ወተት መልክ ያለውን የእጅ ፈትል የተቀበለች ገዢ ተታልያለሁ ብትል ትክክል ናት።

የምፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። ጽሑፉን ሱቁ ውስጥ ለምትሠራው ልጅ አነባለሁ። ከያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ «በምን አወቅሽ?» እላታለሁ። «መዝነነዋል»፣ «ክሩን አይቼዋለሁ»፣ «እኔም ቤቴ ጋቢ አለኝ» ካለች ያልፋል። «እንደዚያ ነው የሚባለው» ካለች ይሰረዛል።

የጋቢው የመጨረሻ ጽሑፍ ይሄ ሆነ፦

«ሐምሌ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደርበውት የሚቀመጡበት ጋቢ። አራት ድርብ ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ትከሻዎ ላይ ይታወቅዎታል። በእጅ የተሸመነ ነው። ድሩ የፋብሪካ ጥጥ፣ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ወፈር ቀጠን የሚለው ክር ከዚያ የመጣ ነው። የጥለቱ አንጸባራቂ ክር ሰው ሠራሽ ነው። መሀሉ ላይ ያለው ስፌት የሁለቱ ጨርቅ መጋጠሚያ ነው። አዲሱ ትንሽ ይሻክራል፤ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ መጀመሪያ ሲታጠብም ጥቂት ይሰበሰባል። በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት። ከሽሮ ሜዳ ገበያ አንድ በአንድ መርጠን፣ ጥለቱ ቀለም እንደማይለቅ በእርጥብ ጨርቅ ፈትነን ነው የምናመጣው። 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ60።»

ከሥሩ ዋጋው በቁጥር ተጻፈ። ባለሱቋ መጀመሪያ አልወደደችውም፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነው የሚሉት። እኔ ግን ከሁሉም ቅጽል በላይ ገዢን የሚያቀርበው የተጻፈ ዋጋ ነው ባይ ነኝ። ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ጠይቆ ሳይገዛ መቅረት ደግሞ ይበልጥ ያሳፍረዋል።

«ይሻክራል» እና «ይሰበሰባል» የሚሉትን ለማስቀረት ብዙ ተከራከረችኝ። እኔም የመለስኩላት ጋቢ የሚገዛ ሰው ቤቱ ጋቢ እንዳለው ነው፤ አዲስ ጋቢ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የማያውቀው ከውጭ አገር ለእናቱ የሚያዝዘው ልጅ ነው፣ እሱም ቢሆን እናቱ ከምትነግረው እኛ ብንነግረው ይሻላል።

አንድ ሥራ ይቀራል። የሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ክሩ እንደገና ይመዘዝ። ማጉም የፋብሪካ የሆነ ጋቢ ከተደባለቀ፣ ያ አንቀጽ ለእሱ አይሠራም። «በእንዝርት» የሚለው ይወጣል፣ ክብደቱ እንደገና ይመዘናል፣ ፎቶውም አዲስ ይነሳል።